ቁጥሩን አትተርጉሚው፦ የላብራቶሪ ውጤት ወደ አረብኛ ሲጻፍ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጅዳ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ ነው የተመለስኩት። አረብኛ እናገራለሁ፣ ቀስ ብዬም እጽፋለሁ። እዚህ አዲስ አበባ ጎረቤቴ የሆነች አንዲት ሱዳናዊት እናት የላብራቶሪ ውጤቷን ፎቶ አንስታ ላከችልኝና ‹በአረብኛ ጻፊልኝ› አለችኝ። ወረቀቱ እንግሊዝኛ ነው። ስልኬ ጽሑፉን ከፎቶው ላይ አውጥቶልኛል። ቁጥሩን በአረብኛ አኃዝ ላድርገው? ኖርማሉ ፎቶው ላይ ግማሹ ተቆርጧል፣ ከኢንተርኔት ልሙላው? እንግሊዝ አገር ያለው ወንድሟ ደግሞ ‹ስኳርሽ 142 ከሆነማ በቁምሽ የለሽም› ብሎ አስደንግጧታል። በእሱ አገር መለኪያ ቀይሬ ብጽፍላት አይሻልም?»

ሦስቱንም አታድርጊ። ምክንያቱን ከመናገሬ በፊት ግን ስልክሽ ያወጣልሽን ጽሑፍ ተይውና ፎቶውን ራሱን ክፈቺ። ጣጣው ከአረብኛው በፊት እዚያ ነው የሚጀምረው።

ላብራቶሪ ወረቀት ላይ ከባዱን ሥራ የሚሠሩት ጥቃቅኖቹ ናቸው። አንዲት ነጥብ፣ አንዲት ሰረዝ፣ ከ10 ራስ ላይ የተንጠለጠለች ትንሽ 3። ፎቶ መጀመሪያ የሚበላው እነዚህን ነው። እኔ ወደ ትርጉም ከመግባቴ በፊት ላብራቶሪ ውስጥ እሠራ ነበር፤ እንደዚያም ሆኖ መጀመሪያ ሰሞን ተሸውጃለሁ። ወረቀቱ ታጥፎ ኪስ ውስጥ የከረመ ነበር። እጥፋቱ ያለፈው በክሬቲኒን ቁጥር ላይ፣ ልክ በነጥቧ ላይ ነው። 1.2 የነበረውን 12 ብዬ ጻፍኩት። ክሬቲኒን 12 ማለት ኩላሊቱ ሥራውን ያቆመ ሰው ነው። ቤተሰቡ ስለ ዲያሊሲስ ዋጋ መጠየቅ ከጀመረ በኋላ ነው ስህተቱ የታወቀው። አሁን ሳስበው የሚቆጨኝ፣ ማወቂያው እዚያው ወረቀቱ ላይ መኖሩ ነው። ከቁጥሩ ጎን ኖርማሉ እስከ 1.2 ይላል፤ ከፍ ማለቱን የሚያሳየው H ግን የለም። 12 ቢሆን ኖሮ H ሳይደረግበት አይታለፍም ነበር።

ይህን ያዢው። ቁጥሩ፣ ኖርማሉና ምልክቱ ሦስቱ መስማማት አለባቸው። ቁጥሩ ከኖርማሉ ውጭ ሆኖ H ወይም ዝቅ ማለቱን የሚያሳየው L ከሌለው፣ ወይም ውስጡ ሆኖ ምልክት ካለው፣ ወይ አንቺ በትክክል አላነበብሽም፣ ወይ ፎቶው ዋሽቷል፣ ወይ ላብራቶሪው ራሱ ተሳስቷል። ምልክት የማያደርጉ ላብራቶሪዎችም አሉ፤ ያኔ ሌላ መስመር ላይ ምልክት መኖር አለመኖሩን አይተሽ ትፈርጃለሽ። የትኛውም ቢሆን፣ ሦስቱ ካልተስማሙ ያንን መስመር አትጻፊ።

የጎረቤትሽን ወረቀት አላየሁትም፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣልኝ ግን እንዲህ ያለ ነው፦

```
WBC     3.2   L   10^3/µL   4.0 - 11.0
HGB     9.8   L   g/dL      12.0 - 16.0
FBS     142   H   mg/dL     70 - 100
HBsAg   Non-reactive
```

የመጀመሪያውን መስመር እይው። ወረቀቱ ላይ 3ቷ ከ10 ራስ ላይ ናት፤ «አሥር ሲባዛ ለራሱ ሦስት ጊዜ»፣ ማለትም ሺህ ማለት ነው። ስልክ ጽሑፉን ሲያወጣ አብዛኛውን ጊዜ ጭንቅላቷ ላይ ያለችውን 3 ጎትቶ ያወርድና 103 ያደርጋታል። የማይክሮዋ ጭራ ያላት ፊደል ደግሞ ወይ u ትሆናለች፣ ወይ ይባስ ብሎ m። u ብትሆን ግድ የለም፤ ብዙ ላብራቶሪዎችም ራሳቸው እንደዚያ ይጽፏታል። m ከሆነች ግን ማይክሮሊትር ሚሊሊትር ሆነ፤ ልዩነቱ አንድ ሺህ እጥፍ ነው።

ስለዚህ ፎቶው እንደገና ይነሳ። ወረቀቱ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ይዘርጋ፣ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ፣ አራቱም ጠርዝ እየታየ። ሁለት ገጽ ከሆነ ሁለቱም። በቴሌግራም ስትልክልሽ እንደ ተራ ፎቶ ከላከችው ይጨመቃል፤ እንደ ፋይል ትላከው። ጎረቤት ከሆናችሁማ ሻይ እየጠጣችሁ ወረቀቱን ራሱን ብታይው ይሻላል።

ግማሹ የተቆረጠው ኖርማል ላይ አጥብቄ የምናገረው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ኖርማል ማለት በዓለም ላይ አንድ የሆነ ቁጥር ይመስለዋል። አይደለም። ያ ገደብ የዚያ ላብራቶሪ፣ የዚያ ማሽን፣ የዚያ ኬሚካል ነው። አንዱ ላብራቶሪ የጉበት ምርመራውን እስከ 40 ኖርማል ነው ሲል ሌላው እስከ 55 ሊል ይችላል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ከኢንተርኔት ያመጣሽው ገደብ የሌላ ማሽን ነው። እሱን ካስገባሽ፣ ወረቀቱ ላይ L ያለበት ቁጥር አንቺ ጋ ኖርማል ሆኖ ቁጭ ሊል ይችላል። የማይታየውን ቦታ ባዶ አትተዪው፤ በግምትም አትሙይው። በአረብኛ «ጘይር ዋዲሕ ፊ-ስ-ሱራ» ብለሽ ጻፊበት፣ ፎቶው ላይ ግልጽ አይደለም ማለት ነው። ከዚያ ላብራቶሪው ደግሞ እንዲያትምላት ትጠይቅ።

ኖርማሉ በፆታና በዕድሜም ይለያያል። ሄሞግሎቢን ላይ ለሴት 12.0 - 16.0 የሚል ላብራቶሪ ለወንድ ከፍ አድርጎ ነው የሚያትመው። እዚህ አገር የሱዳን ስም ለመዝጋቢው እንግዳ ስለሆነ፣ ሴቷ «ወንድ» ተብላ የተመዘገበችበትን ወረቀት አይቻለሁ። ማሽኑ የወንድ ገደብ አወጣላት። ተርጓሚ እንዲህ ያለውን አያርምም። እንዳለ ይገለብጥና ከሥሩ «ፆታው ወንድ ተብሎ ተመዝግቧል፣ ላብራቶሪው ይጠየቅ» ብሎ ይጽፋል።

አሁን ወንድምየው ዘንድ እንምጣ። ሰውዬው አልዋሸም፤ የለመደው መለኪያ ሌላ ነው። እንግሊዝ አገር ስኳር የሚለካው mmol/L በሚባለው ነው፤ እኛ ጋ mg/dL ነው። 142ን ለ18 ስታካፍይው 7.9 ይመጣል። 142ም 7.9ም ያው አንድ ደም ነው። በእሱ መለኪያ እውነትም 142 የሆነ ሰው ስልክ አያነሳም፤ የደነገጠውም ለዚህ ነው። ይህን ለእሱ በቃል ንገሪው ወይም ጎረቤትሽ ትንገረው፣ ይበቃል።

ወረቀቱ ላይ ግን አትቀይሪ። ስኳሩን ከቀየርሽ ኖርማሉንም መቀየር ግድ ይሆናል። 18 የሚሠራውም ለስኳር ብቻ ነው፤ ክሬቲኒን ወደ እንግሊዙ መለኪያ ሲሄድ በ88.4 ነው የሚባዛው፣ ኮሌስትሮልም የራሱ አለው። አንዱን ቀይረሽ አንዱን ብትረሺ የተቀላቀለ ወረቀት ይወጣል። ደግሞም በወሩ እዚያው ላብራቶሪ ተመልሳ ስትመረመር 130 የሚል ወረቀት ትይዛለች። ከፊተኛው ጋር ስታስተያየው 7.9 የነበረው ስኳሯ 130 ገባ ብላ ደግማ ትደነግጣለች።

ስሙ ላይ ደግሞ እንጠንቀቅ። FBS ማለት በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር ነው፤ በአረብኛ «ሱከር ሳኢም»። RBS በማንኛውም ሰዓት የተለካ ነው፤ «ሱከር ዐሽዋኢ»። አንድ ፊደል ናት ልዩነቷ፤ ፎቶው ደብዘዝ ካለ F እና R ይምታታሉ። ያው 142 በባዶ ሆድ ከሆነና ምሳ በልታ ከሆነ ለሐኪሙ ሁለት የተለያየ ወሬ ነው። ጎረቤትሽ «እንዴ፣ የዚያን ቀን እኮ ሻይ በወተት ጠጥቼ ነው የሄድኩት» ብትልሽም FBSን ራስሽ ወደ RBS አትለውጪው። የጠጣችውን ለሐኪሙ ትንገር። «ስኳር በሽታ አለብሽ» ወይም «የለብሽም» የሚል ቃልም ካንቺ አይውጣ፤ ወረቀቱ እሱን አላለም።

ምህፃረ ቃሎቹን በተመለከተ ደንቤ አጭር ነው። የእንግሊዝኛው ፊደል እንዳለ ይቀመጣል፣ የአረብኛው ስም ከጎኑ ይጻፋል። ፊደሉን አጥፍተሽ ስሙን ብቻ ከጻፍሽ፣ የሚያክማት ሐኪም የትኛው ምርመራ እንደሆነ ወደ ኋላ ተመልሶ መገመት ይኖርበታል። እንዳለ የምልሽ ትልቅና ትንሽ ፊደሉን ጭምር ነው። Ca ካልሲየም ነው፤ CA 125 ደግሞ ከዕጢ ጋር የተያያዘ ሌላ ምርመራ ነው።

በጣም የምፈራው ግን አራተኛውን መስመር ነው። HBsAg ማለት የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ገላ ላይ ያለ ቁራጭ ነው፤ ደም ውስጥ ተገኘ ማለት ቫይረሱ አለ ማለት ነው። Anti-HBs የሚባል ሌላ ምርመራ አለ፤ እሱ ሰውነት የሠራው መከላከያ ነው። እሱ ከተገኘ ብዙውን ጊዜ ሰውየው ክትባት ወስዷል ወይም በሽታው ይዞት ለቆታል። አንዱ ሲገኝ ክፉ ዜና፣ ሌላው ሲገኝ ደግ ዜና ነው። በአረብኛ የመጀመሪያው «ሙስተዲድ» ይባላል፣ ሁለተኛው «ጂስም ሙዳድ»። ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው፤ ለጆሮም ለዓይንም ይቀራረባሉ። እኔ እስከ ዛሬ እዚህ ቦታ ስደርስ ብዕሬን አስቀምጬ ደግሜ አነባለሁ።

ውጤቱም ላይ ወጥመድ አለ። Non-reactive ማለት አልተገኘም ማለት ነው፤ በጠባብ ዓምድ ሲታተም Non- ከላይ፣ reactive ከታች ይሆናል። የላይኛው ከተቆረጠ ውጤቱ ተገልብጦ ቁጭ ይላል። በአረብኛ «ጘይር ተፋዑሊ» ብለሽ ጻፊው። Negative «ሰልቢ» ነው፣ Positive ደግሞ «ኢጃቢ»። እኛ ጋ «ፖዘቲቭ ሁን» እንደሚባለው በአረብኛም ኢጃቢ የጥሩ ነገር ቃል ነው። ሕመምተኛዋ ኢጃቢ የሚለውን አይታ «አልሐምዱሊላህ» ልትል ትችላለች። እንዲህ ያለ ቃል ካለ «ተገኝቷል» የሚለውን «መውጁድ» አጠገቡ ጨምሪበት።

በቃላቱ ምርጫ አንድ ምክር ልጨምር። መዝገበ ቃላት ሄሞግሎቢንን «ኺዳብ አድ-ደም» ሊልሽ ይችላል። ትክክለኛ አረብኛ ነው፤ ሶርያ ውስጥ በደንብ ይሠራል። ኺዳብ ግን እንደ ሒና ያለ ማቅለሚያ ማለትም ነው። ለሱዳናዊት እናት «የደምሽ ሒና ቀንሷል» እንዳትይ፣ «ሂሞግሎቢን» ብለሽ እለፊው። WBC ነጭ የደም ሴል ነው፤ በአረብኛ «ኩረያት አድ-ደም አል-በይዳእ» ይባላል፣ ፕላትሌት «አስ-ሰፋኢሕ አድ-ደመዊያ»። ጅዳ የለመድሽው የቤት ውስጥ አረብኛ ለጨዋታ ጥሩ ነው፤ ወረቀት ላይ ግን የመጽሐፉን ቃል ተጠቀሚ።

የአረብኛ አኃዝን የከለከልኩሽ ለምን መሰለሽ? የእነሱ አምስት ክብ ናት፤ የኛን ዜሮ ቁርጥ ነው። የእነሱ ዜሮ ደግሞ ነጥብ ናት። ሄሞግሎቢን 10.5 ቢሆን በእነሱ አኃዝ አንድ፣ ነጥብ፣ መለያ ምልክት፣ ክብ ሆነ። ያን ፎቶ አንስታ ለልጇ ስትልከው፣ ልጇ መለያውንና ዜሮውን ለመለየት ስልኩን እያሰፋ ይፈጣል። መለኪያውንም በአረብኛ አታሳጥሪው፤ ሚሊም ማይክሮም በአንድ ፊደል ነው የሚጀምሩት። mg/dL እንዳለ ይቅር።

ከሁሉ የባሰው ግን አቅጣጫው ነው። አረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ቁጥሩ ከግራ ወደ ቀኝ። ስልክ ላይ ከአረብኛ ቃል ቀጥለሽ 4.0 - 11.0 ብትጽፊ፣ ስክሪኑ ላይ 11.0 - 4.0 ሆኖ ይታይሻል። አንቺ ያበላሸሽው ነገር የለም፤ ስልኩ ሁለቱን ቁጥሮች እንደ አረብኛ ቃል ከቀኝ ስለደረደራቸው ነው። ይብሳል፤ 10^3/µL ብትጽፊ µL/3^10 ሆኖ ይወጣል። ሺህ የነበረው ሦስት ለራሱ አሥር ጊዜ ተባዛ። «ከ5 በታች» የምትለው < ምልክትም ከቁጥሩ ወዲያ ማዶ ተሻግራ ፊቷን ታዞራለች። በዚህ ጊዜ ሰው የሚያደርገው ስህተት፣ ስክሪኑ ላይ የተገለበጠውን አይቶ ራሱ መልሶ መገልበጥ ነው። ሌላ ስልክ ላይ ሲከፈት እንደገና ይዞራል።

መድኃኒቱ ቁጥሩን ከአረብኛው ጋር በአንድ መስመር አለማስቀመጥ ነው። ሠንጠረዥ ሥሪ፤ ስሙ በአንድ ሳጥን፣ ቁጥሩ በሌላ፣ መለኪያው በሌላ። ኖርማሉን በሰረዝ አታገናኚው፤ ሁለት ሳጥን አድርጊው። «አል-ሐድ አል-አድና» የታችኛው፣ «አል-ሐድ አል-አዕላ» የላይኛው። ያኔ የሚገለበጥ ሰረዝ የለም። < ካጋጠመሽ በቃል «አቀል ሚን» ብለሽ ጻፊ። የመለኪያው ሳጥን ከግራ እንዲጀምር አቅጣጫውን ማስተካከል አትርሺ።

ቀኑን ደግሞ እንዳትረሺው፣ ይሄ የኛው ጣጣ ነው። ወረቀቱ ላይ በእጅ 12/03/2017 ተብሎ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። አንቺ ኅዳር 12 መሆኑን ታውቂያለሽ። ካይሮ ወይም ፖርት ሱዳን ያለ ሐኪም ግን የ2017 ወረቀት አድርጎት ጊዜው ያለፈበት ነው ብሎ ወደ ጎን ይጥለዋል። እንዳለ ከገለበጥሽው በኋላ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ማለትም 21 ኖቨምበር 2024» ብለሽ ወሩን በቃል ጻፊ። ሰዓቱም ጠዋት 3:30 ካለ 9:30 ነው። ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ካላወቅሽ ላብራቶሪውን ሳትጠይቂ አትቀይሪ።

ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላ፣ ባንቺ ቦታ ብሆን የማደርገው ይህን ነው። ቁጥሮቹን ጨርሶ አልጽፋቸውም። ፎቶውን አሳትሜ ከእያንዳንዱ መስመር ጎን 1፣ 2፣ 3 ብዬ በእስክሪብቶ ቁጥር እሰጣለሁ። በሌላ ነጭ ወረቀት ላይ በዚያው ተራ አረብኛውን ብቻ እጽፋለሁ፤ የምርመራው ስም፣ H ካለ «ሙርተፊዕ»፣ L ካለ «ሙንኸፊድ»፣ ከተቆረጠ «ግልጽ አይደለም»። ቁጥር፣ መለኪያና ኖርማል ከዋናው ላይ ይነበባሉ። ያልገለበጥሽው ቁጥር አይሳሳትም። ሁለቱ ወረቀቶች አብረው ይሰፋሉ፣ አይለያዩም። ጎረቤትሽ የፈለገችው ምን እንደተመረመረች መረዳት ነው፤ ይሄ ያደርስላታል። ሐኪሙ ዋናውን ያያል፤ በግብፅም በባሕረ ሰላጤው አገሮችም የላብራቶሪ ወረቀት በእንግሊዝኛ ማንበብ የዕለት ሥራቸው ነው።

የግድ ሙሉ ሠንጠረዥ ካስፈለገ ብቻ ቁጥሩን ገልብጪ፤ ያኔም ብቻሽን አትጨርሺው። አንቺ ከዋናው ላይ ከታች ወደ ላይ ጮክ ብለሽ አንብቢ፣ ሌላ ሰው የጻፍሽውን እየተከተለ ምልክት ያድርግ። ከታች ወደ ላይ የምልሽ፣ ከላይ ሲነበብ ዓይን የለመደውን ስለሚያይ ነው። ነጥቧንም «ነጥብ» ብለሽ ጥሪያት፤ «ዘጠኝ ነጥብ ስምንት»። ኤምባሲ፣ ኢንሹራንስ ወይም የውጭ ሕክምና ቦርድ የሚጠይቀው ከሆነ ግን ሥራው ያንቺ አይደለም። ማኅተም ያለው ፈቃድ ያለው ተርጓሚ ጋ ይሂድ።

አንድ ነገር ቀረ። ሲጀመር «ውጤትሽን ማን እንዲያየው ትፈቅጃለሽ?» ብለሽ ጠይቂያት። ወረቀቱ ላይ የኤችአይቪ ወይም የእርግዝና ምርመራ ሊኖር ይችላል። የቃል ትርጉም ለመጠየቅ ብለሽ ፎቶውን ግሩፕ ላይ አትልቀቂው፤ ቃሏን ብቻ ጻፊና ጠይቂ። ልጇን መሃል ገብቶ እንዲያነብላትም አታድርጊ። ስትጨርሺ ፎቶውን ከስልክሽም ከቴሌግራሙም አጥፊው፣ እያየችሽ።